ደንበኛ ላመጣ ደንበኛ ምን ይከፈለዋል?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ለገንዘብ ላኪ ወኪሎች ሥልጠና እሰጣለሁ። አብዛኞቹ ባለሱቆች ናቸው። ከእንጀራው፣ ከበርበሬውና ከቡናው ጎን አንድ ኮምፒውተርና የደረሰኝ ማተሚያ አስቀምጠው፣ ፈቃድ ባለው አስተላላፊ ኩባንያ ስም ወደ ኢትዮጵያ ይልካሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ አንዲት ባለሱቅ በቅርቡ ሊያሳትሙት ያሰቡትን ካርድ አሳዩኝ። «አዲስ ደንበኛ ያመጣ 20 ዶላር ይሸለማል» ይላል።

መጀመሪያ ሒሳቡን አብረን ሠራን። አንድ ሰው 300 ዶላር ሲልክ 5 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላል፣ ከዚያም ኩባንያው የራሱን ወስዶ ለባለሱቋ 2 ዶላር ይተርፋቸዋል እንበል። 20 ዶላሩ የሚመለሰው አዲሱ ሰው ዐሥር ጊዜ ከላከ በኋላ ነው። በየወሩ ለእናቱ የሚልክ ከሆነ ዐሥር ወር ይፈጃል። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ብቻ የሚልክ ከሆነ ግን አምስት ዓመት። እስከዚያ ሌላ ሱቅ ጥሩ ምንዛሪ ሰጠ ሲባል ይሄዳል።

ከሒሳቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ገንዘቡ በሰዎች መካከል የሚያመጣው ነገር ነው። የእድር ሰብሳቢው ለአንድ አዲስ መጤ «እዚያ ሱቅ ላክ፣ እኔ ዓመታት ልኬበታለሁ» ሲሉት ምክር ነው። 20 ዶላር እንደተከፈላቸው ሲሰማ ያው ቃል የድለላ ይሆናል። ካርዱ ደግሞ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ መስማቱ አይቀርም። ይደበቅ ከተባለም የባሰ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ተከፍሎት የሚያስተዋውቅ ሰው መከፈሉን መናገር አለበት።

ምክር የሰጠው ሰው በነጻ ያስያዘው ስሙን ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ከዘገየ አዲሱ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ወደ ሱቁ ሳይሆን ወደ መካሪው ነው፤ «ጋሼ፣ እናቴ ባንክ ሄዳ ተመለሰች!» ይላቸዋል። ስለዚህ ባለሱቋን የጠየቅኳቸው ስለ ሽልማቱ አልነበረም። አዲስ ደንበኛ ሲልክ በብዛት ምን እንደሚበላሽ ጠየቅኳቸው። ሳያመነቱ «ስም» አሉ።

ልክ ናቸው። ላኪው የእናቱን ስም Tsehay ብሎ ያጽፋል፤ መታወቂያቸው ላይ ያለው Sehai ነው። ወይም የእናቱንና የአያቱን ስም ብቻ ሰጥቶ የባንክ ሒሳቡ የተከፈተው በሦስት ስም ይሆናል። አንዳንዱማ ከልጅነቱ የሚያውቀው የቤት መጠሪያቸውን ብቻ ነው። ባንኩ አይከፍልም፤ መክፈልም የለበትም። ሁለተኛው ችግር ሰዓት ነው። እዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲላክ እዚያ መሽቷል። በእጅ የሚወሰድ ከሆነ ሰኞ ነው። ላኪው ግን «በደቂቃ ይደርሳል» የተባለውን ብቻ ይዞ ወጥቷል።

ስለዚህ ካርዱን ገልብጠን ሠራነው። ጥቅሙ መጀመሪያ የሚደርሰው ለአዲሱ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያው ይቀርለታል። ይህን ለማድረግ ባለሱቋ ከኩባንያው ፈቃድ አግኝተው ቅናሹ በሲስተሙ ውስጥ ገባ። 5 ዶላሩን ከመሳቢያ አውጥቶ መመለስ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ደረሰኙ ላይ የተከፈለው ክፍያ፣ ምንዛሪው፣ ተቀባዩ የሚያገኘው ብርና ገንዘቡ የሚገኝበት ቀን በትክክል መጻፍ አለባቸው። 5 ዶላር ተከፈለ የሚል ደረሰኝ ይዞ 5 ዶላር የተመለሰለት ሰው የያዘው ወረቀት ሐሰት ነው። አዲስ ደንበኛ እምነቱን የሚጥለው ደግሞ በዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ከአዲሱ ካርድ ረቂቅ «በነጻ» የሚለውንም አስወጣሁ። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወደ ውጭ በሚላክ ላይ የፌዴራል መንግሥት 1 በመቶ ግብር አለ፤ በ300 ዶላር 3 ዶላር ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በተሰጠ ዴቢት ካርድ ከከፈለ ግብሩ አይነካውም። «በነጻ» ተብሎ መጥቶ 3 ዶላር ሲጠየቅ፣ ግብሩ የማን እንደሆነ ብታስረዱትም የሚያስታውሰው መጭበርበሩን ነው። አሁን ካርዱ «የመጀመሪያ ጊዜ የአገልግሎት ክፍያ የለም፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ የመንግሥት 1 በመቶ ይጨመራል» ይላል። አያምርም፤ ግን የሚያጣላ ነገር የለበትም።

ለመካሪው ደግሞ ትንሽ ነገር ተተወ፦ የአንድ ጊዜ የራሱ ክፍያ ይቀርለታል። የሚያገኘውም የአዲሱ ሰው ሁለተኛ ገንዘብ እናቱ እጅ ከገባ በኋላ ነው። ሁለተኛ መላኩ አንደኛው በደህና እንደደረሰ ያሳያል። ሽልማቱ በሰው እንጂ በላኩት ቁጥር አይደለም። በላኩት ቁጥር ቢሆን 900 ዶላር ሊልክ የመጣው ሰው ሦስት ጊዜ 300 ይልካል፤ ለቅናሽ ብሎ ነው። ኩባንያው ግን ቁርጥራጩን ሲያይ አንድ ሰው መታወቂያና ምዝገባ ከሚጠየቅበት መጠን በታች ለመቆየት ገንዘብ እየሸነሸነ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ያን ጊዜ ያላጠፋ ሰው ጥፋተኛ ይመስላል።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበበትም ነበር፤ ምስጢር። መካሪው ቅናሽ ሲደርሰው ያ ሰው ሁለት ጊዜ እንደላከ ያውቃል። በእኛ ሰው ዘንድ ማን ላከ፣ ለማን ላከ የሚለው ቀላል ወሬ አይደለም። ለእናቱ የሚልክ ለአጎቱ ያልላከ ሊሆን ይችላል፤ ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃዋል። ስለዚህ አዲስ ደንበኛ በሚሞላው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርን፤ አዲሱ ሰው «ያመጣኝ ሰው ቅናሹን ቢያገኝ እስማማለሁ» የሚለው ላይ ካልፈረመ ለመካሪው ምንም አይደርስም። መካሪውም መጥቶ «ያ ልጅ ላከ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሱቁ ጸሐፊ «ስለሌላ ደንበኛ አልናገርም» ብላ እንድትመልስ ተነግሯታል። ይህ ያስቀይማል። ግን አጠገቡ የቆመው ሌላ ደንበኛ ሰምቶ የእኔንም አይናገሩም ብሎ ይሄዳል።

ከካርዱ ሁሉ በላይ የሠራው ግን ካርዱ ላይ የሌለ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ከመላኩ በፊት ጸሐፊዋ የተቀባዩን መታወቂያ ወይም የባንክ ደብተር ፎቶ በስልኩ እንዲያስልክ ትጠይቀዋለች፤ ፊደል በፊደል ታነብለታለች። ደረሰኙን ስትሰጠው ገንዘቡ የሚገኝበትን ቀን በእስክሪብቶ ታከብበታለች። ከከፈለ በ30 ደቂቃ ውስጥ ተቀባዩ ካልወሰደው ሰርዞ ሙሉውን መመለስ እንደሚችልም ትነግረዋለች። ሱቁ ብዙ ሰው ሲኖርበት ይህ አስቸጋሪ ነው፤ ሰልፉ ያጉረመርማል።

ባለሱቋ ስለ ምንዛሪም ጠይቀውኛል፤ «ምርጥ ምንዛሪ» ብለን እንጻፍ ወይ ብለው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የባንኮቹ ተመን ይለያያል፤ ጠዋት ምርጥ የነበረ ከሰዓት ሊበለጥ ይችላል። የማይጠብቁትን ቃል በመካሪዎቻቸው አፍ እንዳያስነግሩ አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ካርድ ልታሳትሙ ያሰባችሁ ወኪሎች፣ ከማተሚያ ቤት በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። ቅዳሜ የላከ ሰው ሰኞ ጠዋት «አልደረሰም» ብሎ ሲደውል ስልኩን የሚያነሣ ሰው አላችሁ? ከሌላችሁ ካርዱን አታሳትሙ።