ተጨማሪ መረጃ፦ ኪዩብ ሩት ያለበት ሊሚት

x ወደ 0 ሲጠጋ የ (∛(x − 8) + 2)/x ሊሚት ስንት ነው? በ x ቦታ 0 ብንተካ 0/0 ይመጣል፤ ይህ ደግሞ መልስ አይሆንም።

ስኩዌር ሩት ሲያጋጥመን ምልክቱን ለውጠን እናባዛ ነበር። እዚህ ግን በ ∛(x − 8) − 2 ብናባዛ ሩቱ በካሬ ይቀራል እንጂ አይጠፋም። ሩቱን የሚያጠፋው ኪዩብ ስለሆነ የሚከተለውን ቀመር እንጠቀማለን፦

a³ + b³ = (a + b)(a² − ab + b²)

a = ∛(x − 8)፣ b = 2 እንበል። ላዕሉንም ታህቱንም በ a² − 2a + 4 ስናባዛ ላዕሉ a³ + 8 = (x − 8) + 8 = x ይሆናል። ይህ x ከታህቱ x ጋር ይጣፋና የሚከተለው ይቀራል፦

1/(a² − 2a + 4)

x ወደ 0 ሲጠጋ a ወደ −2 ይጠጋል። ስለዚህ ሊሚቱ 1/(4 + 4 + 4) = 1/12 ነው።

ጥንቃቄ፦ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የመካከለኛው ቁጥር ምልክት ላይ ነው። a² + 2a + 4 ብለን ካባዛን ላዕሉ ወደ x አይቀልም፤ ሩቱም እንዳለ ይቀራል። ውጤቱን ለማጣራት x = 0.01 አድርገን በካልኩሌተር ብናሰላ 0.0834 ገደማ እናገኛለን፤ ይህም ለ1/12 ≈ 0.0833 በጣም የቀረበ ነው።