ጨዋታው የተገለበጠበት ቅጽበት በሃይላይት ኮሜንታሪ

የሃይላይት ኮሜንታሪ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተጽፎ፣ ተቆራርጦ በተቀጣጠለ ምስል ላይ የሚነበብ አጭር ጽሑፍ ነው። ጨዋታውን በቀጥታ የሚያስተላልፈው ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን አያውቅም፤ የሃይላይቱ ጸሐፊ ግን ያውቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ተመልካቹም ውጤቱን ሰምቶ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ጉጉቱ «ማን አሸነፈ?» በሚለው ላይ ሊቆም አይችልም። የሚቆመው «እንዴት ተገለበጠ?» በሚለው ላይ ነው። ለዚህም ጽሑፉ አንድ ቅጽበት ይመርጥና ሌላውን ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ያደርገዋል።

ግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) በኢስታንቡል አታቱርክ ስታዲየም ሚላንና ሊቨርፑል ያደረጉት የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ይህን ለማሳየት ይመቻል። ሚላን በመጀመሪያው አጋማሽ 3 ለ 0 መራ፤ ሊቨርፑል ከእረፍት በኋላ በስድስት ደቂቃ ልዩነት ሦስት አግብቶ አቻ ሆነ፤ በመጨረሻም በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰደ።

የመጀመሪያው ሥራ ጨዋታው የተገለበጠበትን ቅጽበት መለየት ነው፤ ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በ60ኛው ደቂቃ ጎል ላይ ነው፤ ዲዳ የአሎንሶን ፍፁም ቅጣት ምት መልሶ፣ አሎንሶ የተመለሰውን ኳስ ደርሶ ያገባው፣ 3 ለ 3 ያደረገው ጎል። ያ ግን የመገልበጡ ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። ሌላው እጩ የእረፍት ሰዓት ነው። ፊናን ወጥቶ ሀማን በመግባቱ የሊቨርፑል አማካይ ክፍል ጠንከር አለ፤ የጨዋታ ትንታኔ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ቢጀምር ልክ ነው። ነገር ግን የተጫዋች ቅያሬ በምስል ሲታይ ቁጥር የያዘ ሰሌዳና ሮጦ የሚገባ ሰው ብቻ ነው፤ ጉጉት አይሸከምም። የሚቀረው በ54ኛው ደቂቃ ጄራርድ በጭንቅላቱ ያስቆጠረው ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ያንን ጎል ቢያወጡት ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ካሜራውም የስሜቱን ለውጥ በግልጽ ይዞታል።

ከዚያ በፊት ያለው ክፍል አጭርና ደረቅ መሆን አለበት። «አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ማልዲኒ። በ39ኛው ክሬስፖ። በ44ኛው እንደገና ክሬስፖ። ሊቨርፑል ለእረፍት የወጣው 3 ለ 0 እየተመራ ነው።» በዚህ ቦታ ላይ «ማንም ያልጠበቀው ተአምር ሊፈጠር ነው» ብሎ መጻፍ የተለመደ ጥፋት ነው። ጸሐፊው ሊናገር የጓጓለትን ነገር አስቀድሞ ስለሚያፈስሰው ተመልካቹ የሚጠብቀው አይኖርም። የሚላን ተጫዋቾች በእረፍት ላይ ድል ማክበር ጀምረው ነበር የሚለውን ወሬ መጨመርም እንዲሁ መተው አለበት። ተጫዋቾቹ አስተባብለውታል፣ የሚያሳይ ምስልም የለም።

አሁን ወደ ቅጽበቱ። በአማርኛ ግስ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ይህ ለሃይላይት ጸሐፊ ትልቅ ጸጋም ትልቅ ወጥመድም ነው፤ ሆኖም ሥራውን በየቀኑ የሚሠሩ ሰዎች እንኳ ልብ የሚሉት አልፎ አልፎ ነው። ኤዲተሩ ሪሴ በግራ በኩል ኳሱን ለማሻማት ከሞከረበት እስከ መረቡ ድረስ ስድስት ሰከንድ ምስል ተወ እንበል። በስፖርት ዜና የሚሰማው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ «ስቲቨን ጄራርድ ሪሴ ያሻማለትን ኳስ በግሩም ሁኔታ በጭንቅላቱ ገጭቶ ከመረብ አሳረፈው።» አሥራ አንድ ቃል ነው፤ ረጋ ብሎ ሲነበብ፣ በሰከንድ ሁለት ቃል ገደማ፣ አምስት ሰከንድ ተኩል ይፈጃል። ከምስሉ ጋር እኩል ከጀመረ ጄራርድ ገና ሳይታይ ስሙ ተጠርቷል፤ «በግሩም ሁኔታ» ሲባል ደግሞ ኳሱ ገና ከሪሴ እግር አልወጣም ይሆናል። ጄራርድ እስኪዘል ተጠብቆ ከተጀመረ ደግሞ «አሳረፈው» የሚለው ግስ የሚደርሰው ኳሱ መረብ ውስጥ ከገባ፣ ተመልካቹም ከጮኸ ከብዙ በኋላ ነው።

መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን መሰባበርና የመጨረሻውን ግስ ለምስሉ መተው ነው። የሪሴን የመጀመሪያ ኳስ ካፉ ተደርቦ አግዶታል፤ ሪሴ ወዲያው ደግሞ አሻማው፤ ጄራርድ በሚላን ተከላካዮች መካከል ብቻውን ዘለለ። በጽሑፉ ላይ እንዲህ ይሰፍራል፦

«ሪሴ… ካፉ መለሰበት።
እንደገና ሪሴ…
(ዝምታ)
ጄራርድ!»

ስድስት ቃል ብቻ ነው። «ካፉ መለሰበት» የሚለው ትንሽ መሰናክል ዋጋው ትልቅ ነው፤ ሙከራው ከሸፈ ብሎ የተቀመጠው ተመልካች በሁለተኛው ኳስ ይያዛል። «ጄራርድ» የሚለው ስም የሚነበበው ኳሱ ጭንቅላቱን ሲነካ ነው፤ ትንሽ ቢቀድም ምስጢሩን ያወጣል፣ ትንሽ ቢዘገይ የስታዲየሙ ጩኸት ይውጠዋል። ጎል መግባቱን መናገር አያስፈልግም፤ እንደ ጥሩ ቡና ቤት አስተናጋጅ፣ ኮሜንታሪው ያቀርብና ዞር ይላል።

ቀጥሎ ያለው ዝምታ በጽሑፉ ላይ በቁጥር መመዝገብ አለበት፦ «አራት ሰከንድ የሜዳ ድምፅ»። ካልተጻፈ አንባቢው ይሞላዋል፤ ጸጥታ የሚያስፈራው አንባቢ ደግሞ «ማመን ያቃታል!» ሳይል አያልፍም። ጄራርድ ወደ ሜዳው መሃል እየተመለሰ ሁለት እጁን እያነሳሳ የሊቨርፑልን ደጋፊዎች ሲቀሰቅስ የሚያሳየው ምስል በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው ያለው። ጨዋታው መገልበጡን የሚናገረው ያ የእጅ እንቅስቃሴ ነው፤ በላዩ ላይ የሚነበብ ቃል ሁሉ ይቀንስበታል። ከዝምታው በኋላ ድምፅ ሳይነሳ ይቀጥላል፦ «3 ለ 1። ገና 54ኛው ደቂቃ ነው።» ድምፁን በመጀመሪያው ክሬስፖ ላይ የጨረሰ አንባቢ እዚህ ሲደርስ የሚጨምረው የለውም፤ ከመነሻው እየጮኹ የሚያነቡ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲያ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ቃሉ ይቀንሳል። ስሚሰር በ56ኛው ደቂቃ ከርቀት መትቶ ሲያገባ ስሙና «3 ለ 2» በቂ ናቸው። በ60ኛው ደቂቃ ግን ጽሑፉ ቆም ይላል፤ አሎንሶ ፍፁም ቅጣት ምቱን ሲመታ «ዲዳ መለሰው» ተብሎ ይነበባል፣ የተመለሰው ኳስ ሲገባ ደግሞ ዝም ይባላል።

ቀሪው በጥቂት መስመር ያልቃል። ዱዴክ በተጨማሪው ሰዓት፣ በ117ኛው ደቂቃ፣ የሼቭቼንኮን ሁለት ተከታታይ ሙከራ ያዳነበት ምስል ራሱን የቻለ ሃይላይት ሊሆን ይችል ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ከተሰጠው ሁለተኛ ጫፍ ይፈጠርና የ54ኛው ደቂቃ ጎል ይደበዝዛል። የመለያ ምቱም ሙሉ አይነገርም፤ ዱዴክ የሼቭቼንኮን የመጨረሻ ምት ሲመልስ ይታያል፣ «3 ለ 2፣ በመለያ ምት» ተብሎ ይነበባል፣ ቀሪው የሜዳው ድምፅ ነው።