ከሺህ ወደ መቶ

እ.ኤ.አ. በ2023 በጃፓን ለእያንዳንዱ 1,000 ነዋሪ 6 ሕፃናት ተወለዱ፤ 13 ሰዎች ደግሞ ሞቱ።

«13 ከሺህ» የሚለውን በችኮላ «13 በመቶ» ብሎ ያነበበ ሰው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከስምንት ጃፓናውያን አንዱ ሞተ እንደማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ከሺህ የተሰጠውን ቁጥር ለ10 ማካፈል ነው። በዚህ ስሌት ልደቱ 0.6 በመቶ፣ ሞቱ 1.3 በመቶ ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት 0.7 በመቶ ነው፤ ከአገር የወጣውና የገባው ሳይቆጠር ሕዝቡ በዚያ ዓመት በዚህ መጠን ቀንሷል።

ጃፓናውያን ግን በረጅም ዕድሜያቸው የታወቁ ናቸው። ታዲያ ሞቱ ለምን በዛ? ከአሥር ሰዎች ሦስቱ ያህል 65 ዓመት የሞላቸው ስለሆኑ ነው። ስለዚህ የሁለት አገሮችን ጤና ለማነጻጸር ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የነዋሪዎቹም ዕድሜ መታየት አለበት።