ስለ ወላጆች ቤት ለወንድምና እህት የሚጻፍ መልእክት

የወላጆች ቤት ለልጆች ሲተላለፍ እስኪከፋፈሉት ድረስ የሁሉም የጋራ ንብረት ሆኖ ይቆያል። ሳሎኑ የአንዱ፣ ሰርቪሱ የሌላው አይባልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ማንኛውም ወራሽ ክፍፍል መጠየቅ ይችላል፤ ቤቱን በሙሉ ለመሸጥ ግን የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል። እናት ወይም አባት በሕይወት ካሉና ቤቱ በትዳር የተፈራ ከሆነ፣ ግማሹ የእሳቸው ነው፤ ልጆች የሚካፈሉት የሟችን ድርሻ ብቻ ነው። ይህን የዘነጋ መልእክት ገና ከጅምሩ ጠብ ይጭራል።

ከሁሉ የሚከብደው ሒሳቡ ነው። ሁለቱም ወላጆች አርፈው፣ አራት ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ 8 ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት ወረሱ እንበል። አንዷ እዚያው እየኖረች ጣሪያውን በ400 ሺህ ብር አሳድሳለች፤ ከሰርቪስ ክፍሎቹም 160 ሺህ ብር ኪራይ ሰብስባለች። ሁለቱም መነሳት አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ወገን ጣሪያውን፣ ሌላው ኪራዩን ብቻ ያስታውሳል። ኪራዩ ተደምሮ እድሳቱ ሲቀነስ የሚካፈለው 7 ሚሊዮን 760 ሺህ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ደግሞ 1 ሚሊዮን 940 ሺህ ብር ይሆናል። እህትየዋ ቤቱን ልታስቀር ከፈለገች ለሦስቱ ይህንኑ ትከፍላለች። ከተሸጠ ግን እሷ 2 ሚሊዮን 180 ሺህ ብር ይደርሳታል።

መልእክቱም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢጻፍ ይመረጣል፦ «ጋሼ፣ እትዬ፣ አንተም ታናሼ፤ የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት ወጥቷል፤ ካርታው ግን አሁንም በአባባ ስም ነው። ቤቱን ባስቀር ደስ ይለኛል፤ ዋጋውን ግን እኔ አልተምንም፤ ሁላችን የተስማማንበት ገማች ይየው። የጣሪያውን ደረሰኝና የኪራዩን ዝርዝር ልኬላችኋለሁ። ገንዘቡን በስድስት ወር ካልከፈልኩ ለውጭ ገዢ እንሽጠው።» ቤቱን የሚፈልግ ሰው ራሱ ዋጋ ከቆረጠ ወይም የሚያውቀውን ደላላ ካመጣ ጥርጣሬ ይነሳል። ለአንዱ ቀድሞ በስልክ ሹክ ማለትም ያው ነው። መልስ ያልሰጠ ወንድምም ተስማምቷል ማለት አይቻልም።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና መስጠት ይችላል። ውክልናው ቤት የመሸጥ ሥልጣንን በግልጽ መጥቀስ አለበት፤ ጠቅላላ ውክልና ለዚህ አይበቃም። ከስምምነት ላይ ከተደረሰ በኋላም የስልክ መልእክቱ ሽያጭ አይሆንም፤ ውሉ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መፈረም አለበት። ካልተስማሙና ቤቱ በዓይነት የማይከፋፈል ከሆነ፣ ፍርድ ቤት በሐራጅ አሸጦ ገንዘቡን ያካፍላቸዋል።