እጅ ያደረገው፣ ልብ ያሰበው

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ ነው ይላል። ግዙፋዊው የተፈጸመው ድርጊት ነው፤ ሞራላዊው ደግሞ የአድራጊው የሐሳብ ክፍል ነው። የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎችን የሚያደናግረው የእነዚህ የሁለቱ ግንኙነት ነው።

ካሳ የሚባል ሰው ካፌ ውስጥ ስልኩን ቻርጅ ላይ አድርጓል እንበል። ሲወጣ የራሱ መስሎት ተመሳሳይ የሆነ የሌላ ሰው ስልክ ይዞ ሄደ። የሰው ንብረት ወስዷል፤ ሆኖም በአንቀጽ 665 ስርቆት የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ማሰብን ይጠይቃል። ካሳ ይህ ሐሳብ ስላልነበረው ሌባ አይደለም። በቸልተኝነት ነው እንዳይባል ደግሞ፣ በአንቀጽ 59 መሠረት ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል ያስቀጣል፤ በቸልተኝነት መስረቅ ግን የለም።

አልማዝ በበኩሏ ያንኑ ስልክ ለመስረቅ ተመኘች፤ ነገር ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ሐሳብ አለ፣ ድርጊት የለም፤ ስለዚህ አትጠየቅም።

ካሳ ቤቱ ደርሶ ስህተቱን ካወቀ በኋላ ስልኩን ቢያስቀረውስ? ሲወስደው ሐሳቡ ስላልነበረ መውሰዱ ስርቆት አይሆንም። በስህተት እጁ የገባን ንብረት የራሱ ማድረጉ ግን በሌላ ድንጋጌ ሊያስጠይቀው ይችላል።

ዳኛ ልብን ከፍቶ አያይም። ሲም ካርዱን አውጥቶ መጣሉን ወይም ለባለቤቱ መደወሉን አይቶ ሐሳቡን ከአድራጎቱ ይመዝናል።