ሳተርን በ29 ዓመት ሲመለስ፦ ተረትና እውነታ

ሳተርን ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞሮ ለመጨረስ 29 ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ማንም ሰው ሠላሳ ሊሞላው ሲቃረብ ፕላኔቱ በተወለደበት ዕለት ወደነበረበት የሰማይ ክፍል ይመለሳል። እስከዚህ ድረስ ያለው የሥነ ፈለክ ሐቅ ነው። ኮከብ ቆጣሪዎች ግን ከዚህ አልፈው በዚህ ወቅት ሰው የማይሆነውን ሥራ እንደሚለቅ ወይም ከባድ ኃላፊነት እንደሚረከብ፣ የላላው ፍቅር እንደሚፈርስና የጠናው ወደ ጋብቻ እንደሚያመራ ይናገራሉ።

ተረት፦ ሳተርን የሚመለሰው በአንድ የታወቀ ቀን ነው

ምድር በውስጠኛው ምሕዋሯ ሳተርንን ቀድማ ስታልፍ፣ ሳተርን በየዓመቱ ለአራት ወር ተኩል ያህል ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። በዚህ ምክንያት የተወለድንበትን ነጥብ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜም ሊያልፈው ይችላል። መጋቢት 29 ቀን 1988 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ሳተርን ከሑት ወጥቶ ሐመል ሲገባ ነው የተወለደው። ፕላኔቱ ያንኑ ድንበር በግንቦት 2017 ተሻገረ፤ በነሐሴ መጨረሻ ወደ ኋላ ተመለሰበት፤ በየካቲት 2018 እንደገና አለፈው። ሰውየው በመጀመሪያው 29 ዓመት ከአንድ ወር ተኩል፣ በመጨረሻው ደግሞ ሠላሳ ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ነበር።

ብዙ ኮከብ ቆጣሪዎች በዚህም አይወሰኑም። ሳተርን በአንድ ኮከብ የሚቆይበትን ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉውን ይቆጥራሉ፤ ከ27 እስከ 31 ዓመት ድረስ የሚያሰፉትም አሉ። በአራት ዓመት ውስጥ ሥራ ያልቀየረ፣ ፍቅር ያልጀመረ ወይም ያላቋረጠ ወጣት ማግኘት ግን ይቸግራል። ወቅቱ እንዲህ ከሰፋ የትኛውም አጋጣሚ ማስረጃ መሆኑ አይቀርም።

ተረት፦ ዝነኛ ሙዚቀኞችን በ27 ዓመታቸው የቀጠፈው ሳተርን ነው

ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ጃኒስ ጆፕሊን፣ ከርት ኮቤይንና ኤሚ ዋይንሀውስ በ27 ዓመታቸው መሞታቸው እውነት ነው። በዚያ ዕድሜ ግን ሳተርን ወደ ቦታው ለመድረስ ገና ሁለት ዓመት ገደማ ይቀረዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት በብሪታንያ አንደኛ የወጣ አልበም የነበራቸውን 1,046 ሙዚቀኞች መርምሮ፣ በ27 ዓመት ላይ የተለየ የሞት ጭማሪ አላገኘም። ከፍ ያለ አደጋ የታየው በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ በአጠቃላይ ነው።

ተረት፦ በዚህ ዕድሜ ትዳርና ሥራ የሚለዋወጡት በፕላኔቱ ግፊት ነው

በአሜሪካ የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ ለወንዶች 30፣ ለሴቶች 28 ገደማ ነው። ከ29 ዓመት ጋር የተያያዘው ትንቢት በእንዲህ ያለ ኅብረተሰብ ዘንድ ቢሠምር አያስገርምም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ግን ከ25 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድ መካከለኛው የመጀመሪያ ጋብቻ ዕድሜ 17.1 ነው። ሳተርን ለገጠሯ ሴትም ለኒውዮርኳም በአንድ ዕድሜ ይመለሳል፤ የገጠሯ ግን በ29 ዓመቷ ትዳር ከያዘች አሥር ዓመት አልፏት፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ልካ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጡት ትምህርት፣ ገቢና የቤተሰብ ወግ ናቸው።

ሥራም ከዚህ አይርቅም። ቶፔልና ዋርድ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካዊ ወጣት ወንድ በመጀመሪያዎቹ አሥር የሥራ ዓመታት በአማካይ ሰባት ሥራ እንደሚይዝ አሳይተዋል፤ ይህም በዕድሜው ሙሉ ከሚይዛቸው ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። በ22 ዓመቱ ተመርቆ ሥራ የጀመረ ሰው 29 ሲደርስ መቀያየሩን አብዝቶ ወደ መደላደል የሚያዘነብልበት ሰዓት ነው። «ሳተርን ኃላፊነት ያስተምራል» የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ዙር ቁጥርም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። በ2014 እ.ኤ.አ. አልተርና ኸርሽፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው በዘጠኝ የሚያልቅ ሰዎች የሕይወታቸውን ትርጉም አብዝተው እንደሚመረምሩ ጽፈዋል። ውጤቱ ተቃውሞ ቢገጥመውም፣ እነሱ ከ29 ሌላ 39ንና 49ንም ቆጥረዋል። በ39 ሳተርን የትውልድ ቦታው አጠገብ እንኳ የለም።

ተረት፦ ሐሳቡ ከጥንት የወረደ ነው

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ቶለሚ የሰውን ዕድሜ ለፕላኔቶች ሲያከፋፍል ለሳተርን የሰጠው ከ68 ዓመት ጀምሮ ያለውን እርጅና ነው። የ29 ዓመቱን ቀውስ ያስለመዱት ይልቁንም የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ናቸው፤ ከእነዚህም የሊዝ ግሪን የ1976 እ.ኤ.አ. ሥራ በሰፊው ይታወቃል። አገርኛው አውደ ነገሥትም ሳተርንን ዙሐል ብሎ ያውቀዋል፤ ነገር ግን የሰውን ኮከብ የሚያወጣው የራሱንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ ለ12 በመግደፍ ነው። የተወለደበትን ቀን ስለማይጠይቅ፣ ፕላኔቱ መቼ ወደ ቦታው እንደሚመለስ በዚህ ስሌት ማወቅ አይቻልም።