ከዝርዝር የሚያልፍ የፔስቴል ትንተና

የማርኬቲንግ ተማሪዎች የሚያቀርቡት ፔስቴል አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሳጥን ያለው ሰንጠረዥ ነው፦ ፖለቲካ፣ ኢኮኖሚ፣ ማኅበረሰብ፣ ቴክኖሎጂ፣ አካባቢና ሕግ። «ብር ተዳክሟል» ተብሎ ይጻፍና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይታለፋል። መምህሩ ግን ዜናውን ያውቀዋል። ከተማሪው የሚጠብቀው ዜናው ድርጅቱን በየት በኩል እንደሚነካና ዕቅዱን እንዴት እንደሚለውጥ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ተገጣጥመው ያለቁ የኤሌክትሪክ መኪኖች አስመጥቶ የሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለስሌት እንዲመቸን 114 ብር ገባ እንበል። 15,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና ከ855,000 ብር ወደ 1,710,000 ብር ይወጣል። ቀረጡ 15 በመቶ ከሆነ ደግሞ ከ128,250 ወደ 256,500 ብር ያድጋል። መቶኛው ሳይነካ ተከፋዩ ገንዘብ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ኢኮኖሚውና ሕጉ በተለያየ ሳጥን ቢቀመጡም ደንበኛው ላይ የሚደርሱት አንድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚዘሉት ጥያቄ አለ፦ ድርጅቱ ቀድሞ ዶላሩን ከየት ያገኝ ነበር? ከባንክ ከነበረ የመኪናው መግዣ በእርግጥ እጥፍ ሆኗል። ቀድሞውንም ወደ እጥፍ የተጠጋ ዋጋ በነበረው ትይዩ ገበያ ከነበረ ግን መግዣው ብዙም አልተለወጠም፤ የከበደው ቀረጡ ነው። ሁለቱ ድርጅቶች አንድ ዓይነት የዋጋ ስልት ሊኖራቸው አይችልም። የመጀመሪያው አነስ ያለ ሞዴል ለማምጣትና የዋጋ ማቅረቢያውን ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚጸና ለማድረግ ሊገደድ ይችላል። ሁለተኛው ዋጋ በጨመሩ ተወዳዳሪዎቹ ላይ ገበያ የመውሰድ ዕድል አለው።

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የተነገረው የነዳጅ መኪና ማስገባት ክልከላም እንዲሁ ነው። ተማሪው «መልካም አጋጣሚ» ብሎ ያልፈዋል። ክልከላው ግን ሁሉንም አስመጪ እኩል ስለሚጠቅም ለዚህ ድርጅት ብልጫ አይሰጠውም፤ እንዲያውም የነዳጅ መኪና ያመጣ የነበረውን ነጋዴ ወደዚሁ ገበያ ይገፋል። አገር ውስጥ ያሉት ያገለገሉ የነዳጅ መኪኖችም አልጠፉም፤ ዋናው ተፎካካሪ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ማስታወቂያው ስለ አካባቢ ጥበቃ ከሚሰብክ ይልቅ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበውን ሰው ስለ ወር የነዳጅ ወጪውና ስለ ባትሪ ዋስትና ቢያነጋግረው ይሻላል።

«ሠራተኞቻችን ሥልጠና የላቸውም» የሚለው የድርጅቱ የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ ቦታው ፔስቴል ውስጥ አይደለም። የቀረውን ለመፈተን የድርጅቱን ስም በሌላ ተኩት፤ ዓረፍተ ነገሩ ያኔም እውነት ሆኖ ከቆመ ትንተናው ገና አልተጀመረም። ከእያንዳንዱ ነጥብ ሥር «ስለዚህ ዋጋው፣ ምርቱ፣ ሥርጭቱ ወይም ማስታወቂያው እንዲህ ይሆናል» ብላችሁ መጻፍ ካልቻላችሁ ነጥቡን አውጡት። ስድስቱም ሳጥኖች እኩል መሙላት የለባቸውም።